ካንድሉ የቆመበት ቦታ

በኒውዮርክ የቡና ገበያ አንድ ውል ማለት 37,500 ፓውንድ አረቢካ ቡና ነው። በኪሎ ሲመነዘር 17,010 ገደማ ይሆናል። በኡካ፣ በመቱ ወይም በበደሌ ጀንፈል የሚሰበስብ ነጋዴ ሒሳቡን የሚሠራው በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ ደግሞ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ የኒውዮርኩ ውል ከሞላ ጎደል ልክ 1,000 ፈረሱላ ይመጣል። አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ለኢሉባቦር ነጋዴ እጅግ ይመቻል። ዋጋው በስክሪን ላይ የሚጻፈው በአሜሪካ ሳንቲም በአንድ ፓውንድ ነው። 100 ሳንቲም የሚል ቁጥር ሲታይ አንድ ፈረሱላ 37 ዶላር ተኩል ገደማ አወጣ ማለት ነው፤ 200 ሲል 75 ዶላር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጎሬና የአካባቢው ቡና በጭነት ከብት ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። መርከቡ የሚንቀሳቀሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ስለነበር ንግዱም ከውኃው ጋር ይሞላና ይጎድል ነበር። ዛሬ ስልክና ኔትወርክ ያለው ሰው የኒውዮርክን ዋጋ በዚያው ቀን ያያል። የሚያየውም ብዙ ጊዜ በካንድል መልክ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ አራት ማዕዘኖች፣ ከላይና ከታች ቀጭን ጭራ ያላቸው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ቅርጾች፣ ኢንገልፊንግ እና ዶጂ፣ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚማራቸው ናቸው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም በእነርሱ ነው። ምክንያቱ ቅርጹን ለይቶ ማወቅ ቀላል ሆኖ፣ ቅርጹ ምን ላይ እንደቆመ መመርመር ግን ሥራ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ ካንድል የያዘው አራት ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ የመክፈቻ ዋጋ፣ የመዝጊያ ዋጋ፣ ከፍተኛው እና ዝቅተኛው። የኒውዮርክ ቡና የቀኑን ግብይት የሚጀምረው አሜሪካኖች የበጋ ሰዓታቸውን በሚጠቀሙባቸው ወራት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ የሚዘጋው ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ። በመካከሉ የተፈጸመው ሺህ ግብይት ሁሉ በአራቱ ቁጥሮች ይጠቃለላል። በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል ያለው ርቀት የካንድሉ አካል ይባላል፤ ቀሪው ጭራ ነው።

ወደ ላይ የሚያመለክተው ኢንገልፊንግ እንዲህ ይፈጠራል። ለምሳሌ ያህል ትናንት ቡና በ104 ሳንቲም ከፍቶ በ101 ዘጋ እንበል፤ ቀይ ካንድል ነው። ዛሬ በ100.50 ከፈተ፣ እስከ 100 ወረደና ተመልሶ በ105 ዘጋ። የዛሬው አረንጓዴ አካል የትናንቱን ቀይ አካል ከላይም ከታችም አልፎ ዋጠው። ዶጂ ደግሞ መክፈቻውና መዝጊያው የተገናኙበት ካንድል ነው፤ በ101 ከፍቶ፣ ወደ 103 ወጥቶ፣ ወደ 99 ወርዶ፣ መልሶ በ101 የዘጋ ቀን። አካል የለውም ማለት ይቻላል፤ ጭራ ብቻ ነው።

ኢንገልፊንጉ ትርጉም የሚኖረው ሰዎች ስላሉበት ነው። ትናንት በ104 እና በ101 መካከል የሸጠ ሁሉ ዛሬ ማታ ገበያው በ105 ሲዘጋ ኪሳራ ላይ ነው። ዋጋው ይወርዳል ብሎ በውል የሸጠ ሰው ከኪሳራ ለመውጣት መልሶ መግዛት አለበት፤ የእርሱም ግዢ ዋጋውን ይበልጥ ይገፋዋል። ቅርጹ የሚነግረን ይህን ያህል ነው። ስንት ሰው እንደተያዘ አይነግረንም። ይቻኮላሉ ወይስ ይታገሣሉ የሚለውንም አይነግረንም። ምናልባት የሸጡት የብራዚል አምራቾች ይሆናሉ፤ እነርሱ በጎተራ እውነተኛ ቡና ስላላቸው ዋጋው 4 ሳንቲም ቢወጣ አይደነግጡም። ይህን ለማወቅ ከካንድሉ ውጭ መመልከት ያስፈልጋል።

አንድን ቅርጽ በሁለት ቦታ አስቀምጦ ማየት ልዩነቱን ያሳያል። ቡና ለሦስት ወራት በ95 እና በ110 ሳንቲም መካከል ሲመላለስ ቆየ እንበል። ከላይ ያየነው ኢንገልፊንግ በ105 ሲዘጋ በክልሉ ውስጥ ወዲህም ወዲያም በሌለው ቦታ ላይ ነው የቆመው። እዚያ የገዛ ሰው ግምቱ ስህተት መሆኑን የሚያውቀው ዋጋው ከ100 በታች ሲወርድ ነው፤ 5 ሳንቲም ያጣል። ሊያገኝ የሚችለው ደግሞ እስከ 110 ያለውን 5 ሳንቲም ነው። በአንድ ውል አንድ ሳንቲም 375 ዶላር ስለሆነ፣ 1,875 ዶላር ለማግኘት 1,875 ዶላር አደጋ ላይ ጥሏል።

አሁን ያው ቅርጽ በክልሉ ወለል ላይ ይሁን። ትናንት በ97 ከፍቶ በ95.20 ዘጋ። ዛሬ በ95 ከፈተ፣ ወለሉን ጥሶ እስከ 94 ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ በ97.50 ዘጋ። ስህተቱ የሚታወቀው ከ94 በታች ሲሆን ኪሳራው 3.50 ሳንቲም፣ ማለትም 1,312 ዶላር ተኩል ነው። ወደ 110 ከሄደ ትርፉ 12.50 ሳንቲም፣ ማለትም 4,687 ዶላር ተኩል። ዓይን የሚያየው አረንጓዴው ቀዩን መዋጡን ነው፤ ሁለቱም ሥዕሎች በዚህ አይለያዩም። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከሒሳቡም በላይ በወለሉ ላይ የሆነው ድርጊት ራሱ ሌላ ነው፤ ዋጋው 95ን ሲጥስ ገዝተው የነበሩ ሰዎች የኪሳራ መቁረጫ ትእዛዛቸው ተነሥቶ ሸጠው ወጡ፤ ጥሰቱን አይተው አዲስ የሸጡም ገቡ። ማታ ገበያው ከወለሉ በላይ ሲዘጋ እነዚህ አዲስ ሻጮች ሁሉ ከታች ተያዙ። ክልሉ መካከል ላይ እንዲህ ያለ ወጥመድ የለም።

ቁልፍ የዋጋ ደረጃዎች፣ ነጋዴዎች ሰፖርትና ሬዚስታንስ የሚሏቸው፣ በርግጥ ኃይል አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ተጠንቷል። ካሮል ኦስለር የተባለች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2000 በኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ መጽሔት ያወጣችው ጥናት፣ ስድስት ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው በየቀኑ የሚልኳቸውን ደረጃዎች በሦስት ምንዛሬዎች ላይ ፈተነ። ዋጋው በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ሲደርስ ጉዞውን የሚያቋርጥበት ድግግሞሽ በዘፈቀደ ከተመረጡ ደረጃዎች የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በ2003 ባወጣችው ሁለተኛ ጥናት ደግሞ ምክንያቱን አገኘች፤ የአንድ ትልቅ ባንክን የትእዛዝ መዝገብ ስትመረምር፣ ትርፍ መቀበያ ትእዛዞች በሙሉ ቁጥሮች ላይ ይከማቻሉ፣ የኪሳራ መቁረጫዎች ደግሞ ከሙሉ ቁጥሮቹ ትንሽ አለፍ ብለው ይደረደራሉ። ስለዚህ ዋጋው ሙሉ ቁጥር ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ካለፈው ግን ይፈጥናል። በቡና ቻርት ላይ ከ100 ሳንቲም የበለጠ ዓይን የሚስብ ሙሉ ቁጥር የለም፤ ይህ ቁጥር ሲጣስ ምን እንደሚሆንም ቡና በ2018 በደንብ አሳየ።

በዚያ ዓመት ብራዚል እስከዚያ ያልታየ ከፍተኛ ምርት ሰበሰበች። የገንዘቧ የሪያል ዋጋም ወረደ። ሪያል ሲወርድ የብራዚል አምራች በዶላር ያነሰ ዋጋ ቢቀበል እንኳ በሪያል ብዙ ያገኛል፤ ስለዚህ ይሸጣል። በነሐሴ ቡና ከ100 ሳንቲም በታች ወረደ። በዜና ሁሉ «ከ1 ዶላር በታች» የሚል አርእስት ሞላ። በዚህ ጊዜ 100ን እንደ ወለል ቆጥሮ፣ በዙሪያው የታየችውን አረንጓዴ ካንድል ሁሉ የመመለሻ ምልክት ያደረገ ሰው ተጎዳ፤ ምክንያቱም ዋጋው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ብራዚሎች ይሸጡበት ነበር። በመስከረም አጋማሽ እስከ 92 ሳንቲም አካባቢ ደረሰ፤ በፈረሱላ 34 ዶላር ተኩል ገደማ ማለት ነው።

የተለወጠው ነገር ቻርቱ ላይ አልነበረም። ብራዚል በጥቅምት ምርጫ ልታካሂድ ነበር፤ የፋይናንስ ገበያው የወደደው እጩ ሲጠነክር ሪያል አገገመ፤ አንድ ዶላር ከ4.20 ሪያል አካባቢ ወደ 3.70 አካባቢ ወረደ። የብራዚል አምራች ከመሸጥ ተቆጠበ። በሌላ በኩል ቡና ይወርዳል ብለው በውል የሸጡ የፈንድ ድርጅቶች ክምችት ግዙፍ ነበር። ይህን ለማወቅ ምሥጢር አያስፈልግም፤ የአሜሪካ የሸቀጥ ውሎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ዓርብ የማክሰኞውን ክምችት በነፃ ያወጣል። ሻጭ በበዛበት፣ ሻጩም ቡና በሌለው ፈንድ በሆነበት፣ ዋጋውም 100ን መልሶ ከታች ወደ ላይ በተሻገረበት ጊዜ የሚታይ አረንጓዴ ኢንገልፊንግ ከነሐሴው ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሰው ለመግዛት ሲሻሙ ቡና በጥቅምት መጨረሻ ሳምንታት 125 ሳንቲም አካባቢ ደረሰ። ታሪኩም እዚያ አላበቃም፤ ብዙ ምርት ገና ስለነበረ ዋጋው ተመልሶ ወርዶ በ2019 ጸደይ ከ90 ሳንቲም በታች ታየ። የተያዙት ሻጮች ከወጡ በኋላ የሚገፋ ኃይል አልቀረም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ «ኢንገልፊንግ ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ ይሠራል» የሚል። እንዲህ ያለ ቁጥር ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን ምን እንደተቆጠረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወደ ታች የሚያመለክት ኢንገልፊንግ እንውሰድ፤ ከፍተኛው 110፣ ዝቅተኛው 105፣ መዝጊያው 106። ቆጣሪው «ዋጋው ከ110 በፊት 105ን ከነካ ሠርቷል» ብሎ ይመዘግባል። መዝጊያው ከታችኛው ጫፍ 1 ሳንቲም፣ ከላይኛው 4 ሳንቲም ይርቃል። ዋጋው ያለ ምንም አቅጣጫ በሳንቲም ውርወራ ቢንቀሳቀስ እንኳ ቅርብ የሆነውን ጫፍ አስቀድሞ የመንካት ዕድሉ ከ5 አራት፣ ማለትም 80 በመቶ ነው። ስለዚህ 80ው በመቶ የመጣው መዝጊያው ለአንዱ ጫፍ ከመቅረቡ ነው። በዚህ ሕግ የሚነግድ ሰው አራት ጊዜ 1 ሳንቲም ያተርፋል፣ አንድ ጊዜ 4 ሳንቲም ያጣል፤ ባዶ ላይ ይመለሳል፤ ኮሚሽን ሲቀነስ ደግሞ ከባዶ በታች። ኢንገልፊንግ በባሕርዩ ጫፉ አጠገብ የሚዘጋ ካንድል ስለሆነ ይህ አቆጣጠር ሁልጊዜ የሚያምር ቁጥር ይሰጣል። መታየት ያለበት ካንድሉ ከተዘጋ በኋላ የተገኘው ትርፍና ኪሳራ በእኩል ርቀት ሲለካ የሚወጣው ቁጥር ነው።

እንዲህ በጥንቃቄ የለኩ ተመራማሪዎች አሉ። በ2006 ማርሻል፣ ያንግ እና ሮዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በዳው ጆንስ መለኪያ ውስጥ ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮኖች ከ1992 እስከ 2002 ወስደው የካንድል ቅርጾችን ብቻቸውን ፈተኑ። ትርፍ አላገኙም። ይህ ውጤት ከኦስለር ጥናት ጋር አይጣላም፤ ማርሻልና ባልደረቦቹ የፈተኑት ቅርጹን ነው፣ ኦስለር የፈተነችው ቦታውን። ቅርጹ ብቻውን ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቦታው ግን የሚያከማቸው እውነተኛ ትእዛዝ ነበረው። ጥናቶቹ በአክሲዮንና በምንዛሬ ላይ እንጂ በቡና ላይ አልነበሩም፤ በሰፊው በሚሸጥበት የኒውዮርክ ቡና ገበያ ግን ትእዛዝ የሚከማችበት ምክንያት ተመሳሳይ ነው።

ቅርጹ በራሱ ላይ እምነት እንዳይጣልበት የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። ካንድል የሚፈጠረው ጊዜን በመቁረጥ ነው፤ መቁረጫው ሲቀየር ቅርጹም ይቀየራል። በ104 ከፍቶ በ101 የዘጋውን ቀን እና በ100.50 ከፍቶ በ105 የዘጋውን ቀን በአንድ የሁለት ቀን ካንድል ብናስቀምጣቸው፣ መክፈቻው 104፣ መዝጊያው 105፣ ዝቅተኛው 100 ይሆናል። ትንሽ አካል፣ ረጅም የታች ጭራ፤ ለዶጂ የቀረበ ነገር። በአንዱ ቻርት «ገዢዎች በኃይል አሸነፉ» የተባለው በሌላው «ገበያው አመነታ» ሊባል ነው። ገበያው ግን አንድ ነገር ነው ያደረገው። የምንዛሬ ቻርት ላይ ደግሞ የቀኑ መቁረጫ ራሱ እንደ ደላላው ሰርቨር ይለያያል፤ አንዱ ደላላ ጋ ኢንገልፊንግ የሆነው ሌላው ጋ ተራ ካንድል ሊሆን ይችላል። ከ101 በታች ገበያው ተመልሶ መነሣቱ ግን በየትኛውም ቻርት ላይ ይታያል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው «ዋጋው ከወለሉ በታች ወርዶ መልሶ ከወለሉ በላይ ዘጋ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቅርጹ ስም ሁለተኛ ነው።

በቡና ቻርት ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ውሎቹ የመጋቢት፣ የግንቦት፣ የሐምሌ፣ የመስከረምና የታኅሣሥ ናቸው። ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት አንዱ ውል ሲያልቅ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ተከታታይ ቻርት ነው። የታኅሣሡ ውል በ100፣ የመጋቢቱ በ104 ቢሸጥ፣ ቻርቱ በሚሸጋገርበት ቀን የ4 ሳንቲም ዝላይ ይታያል፤ ከትናንቱ ካንድል ጋር ተያይዞ ግዙፍ ዋጭ ሊመስል ይችላል። በዚያ ቀን ማንም ምንም ላይገዛ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የመጋቢቱን ውል ብቻውን ከፍቶ ማየት። እዚያ ዝላዩ ከሌለ ምልክቱም አልነበረም።

ዶጂ ከኢንገልፊንግ የበለጠ በአውዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ምክንያቱም በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ሊፈጠር ይችላል። አንደኛው፣ ከፍተኛ የገዢና የሻጭ ፍልሚያ ተደርጎ አቻ ሲወጡ ነው። ቡና ለሳምንታት ሲወጣ ቆይቶ ሬዚስታንስ ላይ ሲደርስ ብዙ ውል ተቀያይሮ መክፈቻው ላይ ቢዘጋ፣ የገፉት ገዢዎች ሁሉ የሚቀበላቸው ሻጭ አግኝተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይነግድ ሲቀር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሲከፈት የወጋገን ባንክ አክሲዮን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። እንዲህ ባለ ገና በሚለመድ ገበያ ጥቂት ግብይት ብቻ በሚፈጸምበት ቀን መክፈቻና መዝጊያ እኩል ቢሆኑ፣ ቻርቱ ላይ ዶጂ ይሣላል፤ ፍልሚያ ግን የለም። የኒውዮርክ ቡናም በአሜሪካ የበዓል ዋዜማዎች እንዲህ ይፈዛል።

ሁለቱን ለመለየት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። አንደኛው የተሸጠው ውል ብዛት ነው፤ ከወትሮው በላይ ወይስ በታች? ሁለተኛው የጭራው ርዝመት ነው። ያለፉትን 20 ቀናት ከፍተኛና ዝቅተኛ ልዩነት በአማካይ ማውጣት፤ ቡና በቀን በአማካይ 4 ሳንቲም የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የ1 ሳንቲም ዶጂ የዝምታ ዶጂ ነው፤ የ7 ሳንቲም ዶጂ ግን ሁለቱም ወገኖች የገቡበት ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ዶጂ አቅጣጫ አይናገርም። ነገ በየትኛው ጫፍ በኩል እንደሚዘጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያልጠበቀ ሰው ዶጂን አይቶ ገባ ሳይሆን ገመተ ነው የሚባለው።

ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው አውድ ዜና ነው፤ በቡናም ከአየር ጠባይ የሚበልጥ ዜና የለም። በሐምሌ 2021 አጋማሽ ቡና በ150ዎቹ ሳንቲም ውስጥ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን በብራዚል ሚናስ ዤራይስ ውርጭ ጣለ። የቡና ዛፍ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ሲቃጠል የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይጎዳል፤ ቅርንጫፉ ከሞተ ዛፉ ተቆርጦ እንደገና እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል። ዋጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ200 ሳንቲም አለፈ። በመንገዱ ላይ የነበሩት ሬዚስታንሶች ሁሉ እንዳልነበሩ ሆኑ፤ በእነርሱ ላይ ሸጠው የነበሩ ሰዎች ትእዛዝ ከውርጩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። ከዚያ በወሩ መጨረሻ ሌላ ውርጭ ተፈራ። የተፈራውን ያህል ጉዳት ሳይደርስ ሲቀር ዋጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ በአስር ሳንቲሞች ወረደ። በዚያ ጫፍ ላይ ቀይ ኢንገልፊንግ ያየ ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ትክክል የሚያደርገው የአየር ትንበያው ነው። የብራዚልን የሌሊት የሙቀት መጠን ሳያዩ በሐምሌ ወር የቡናን ካንድል ማንበብ የሚቻል ነገር አይደለም።

ኢሉባቦር ላለ ሰው ደግሞ የኒውዮርክ ቻርት ሊያሳየው የማይችለው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ብር። ሐምሌ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር አካባቢ ዘለለ። በዚያ ሰሞን ቡና በኒውዮርክ 230 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ በፈረሱላ 86 ዶላር። ይህ ገንዘብ በቀድሞው ምንዛሬ 4,900 ብር ገደማ፣ በአዲሱ 6,370 ብር ገደማ ነው። በኒውዮርክ ካንድል ላይ ለብር ተብሎ የሚሣል ነገር የለም። ለኡካ ወይም ለጎሬ ነጋዴ ግን በዚያ ዓመት ከታዩት የዋጋ ለውጦች ሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ይህ ሒሳብ የዓለም ገበያ አቻ እንጂ ገበሬው እጅ የሚደርስ ዋጋ አይደለም፤ ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው ትራንስፖርት፣ ደረጃው፣ የላኪው ድርሻ ይቀነሳል። ከምንዛሬው ለውጥ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ አንዳንድ ላኪዎች ዶላር ለማግኘትና በዚያው ዕቃ ለማስመጣት ሲሉ ቡናን በኪሳራ ጭምር ይልኩ ስለነበር፣ የአገር ውስጡ ዋጋ ከኒውዮርክ ተነጥሎ ከፍ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነበር። በዚያ ወቅት የኒውዮርክን ኢንገልፊንግ አይቶ ጀንፈሉን የያዘ ወይም የሸጠ አቅራቢ የሌላ ገበያ ምልክት ነበር የሚከተለው።

የቻርት መጻሕፍት «ታሪካዊ ጫፍ» የሚሉት ደረጃ እንኳ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ያሳየው የ2024 መጨረሻ ነው። ቡና እስከዚያ ድረስ ያየው ከፍተኛ ዋጋ በሚያዝያ 1977 የተመዘገበው 337 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ በ1975 ብራዚልን የመታው ከባድ ውርጭ ውጤት። በኅዳር 2024 ዋጋው 300 ሳንቲም አለፈ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን ደግሞ የ47 ዓመቱን ጫፍ ሰብሮ ከ340 በላይ ደረሰ። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ገበያው ይመለሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ በቻርቱ ላይ ከዚያ የሚበልጥ መስመር አልነበረምና። ነገር ግን በ1977 ገዝቶ ተይዞ እስካሁን ለመውጣት የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ደረጃው የያዘው ትዝታ እንጂ ትእዛዝ አልነበረም።

በተቃራኒው ከታች የሚገፋ ኃይል ነበር። ቡና በእጃቸው ያለ የብራዚል ነጋዴዎች ዋጋው ቢወድቅ ለመከላከል በኒውዮርክ ውል ሸጠው ነበር። ዋጋው ሲወጣ በውሉ ላይ የሚጠየቁት ተጨማሪ መያዣ ገንዘብ በየቀኑ ይጨምራል፤ ቡናው ግን ገና አልተሸጠም ወይም አምራቹ አላስረከበውም። መያዣውን መክፈል ያቃተው ውሉን መልሶ መግዛት ይኖርበታል። በዚያ ሰሞን ትላልቅ የብራዚል የቡና ነጋዴዎች ከአበዳሪ ለመጠበቅ ፍርድ ቤት እስከመሄድ ደረሱ። በ337 ላይ ዶጂ ወይም ቀይ ኢንገልፊንግ አይቶ የሸጠ ሰው የሸጠው በግድ ለሚገዛ ሰው ነው። በግድ የሚገዛ ሰው የካንድል ቅርጽ አያይም። በየካቲት 2025 ዋጋው ከ430 ሳንቲም በላይ ደረሰ፤ በፈረሱላ 161 ዶላር።